የዱቤ ደብተሬን የማስተካከል ሥራ፦ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ

ጥቅምት 4፣ 2017

ሱቄ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት ጅምላ ቤት ሄጄ አንድ ኩንታል ስኳር ማንሳት አቃተኝ። ሱቁ ይሸጣል፣ መደርደሪያው ባዶ አይደለም፣ እጄ ላይ ግን ብር የለም። ማታ 3 ሰዓት ከዘጋሁ በኋላ የዱቤ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ቆጠርኩ።

37 ሰው። ጠቅላላ 46,320 ብር።

ድምሩ ብቻውን ብዙ አልነገረኝም። ስለዚህ በዕድሜ ከፋፈልኩት። አንድ ወር ያልሞላው 14,250 ብር ነው፣ 17 ሰው። ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሆነው 15,980 ብር፣ 11 ሰው። ከሦስት ወር ያለፈው 16,090 ብር፣ 9 ሰው። ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ከሁሉም በላይ ይዘዋል። ከእነሱ ውስጥ አምስቱን ሱቄ ውስጥ ካየኋቸው ቆይቷል። በሌላኛው በር ነው የሚያልፉት።

በሳምንት ዕቃ ለመተካት ወደ 35,000 ብር ያስፈልገኛል። ሰው እጅ ያለው ብር ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው።

ጥቅምት 9

ደብተሩን ሳጸዳ ሁለት ጥፋት አገኘሁ። ሁለቱም የኔ ናቸው።

አንደኛው ስም ነው። እኔ ሳልኖር እህቴ ትሸጣለች። የሰው ስም ካላወቀች በመልክ ትጽፋለች። እኔም አደርገዋለሁ። «ረጅሙ»፣ «ቀይ ሹራብ»፣ «ብሎክ 14 ሦስተኛ ፎቅ»፣ «የመኪናው ልጅ»። እንዲህ የተጻፉ 11 መስመሮች አሉ። ከእህቴ ጋር ተቀምጠን ዘጠኙን ለየን። ረጅሙን (860 ብር) እና ቀይ ሹራብን (430 ብር) ማስታወስ አልቻልንም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ብዙ ቦታ «ዘይት 1፣ ስኳር 2፣ ኦሞ» ብዬ ጽፌ ዋጋውን አላስቀመጥኩም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ በየሳምንቱ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው የወሰደበትን ቀን ዋጋ ይላል፣ እኔ የዛሬውን እላለሁ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ግን ተኳረፍን።

አንድ ምሳሌ አስልቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ራሴ እንዳልረሳው። ነሐሴ 12 ባለ 5 ሊትር ዘይት በ1,190 ብር በዱቤ ሰጠሁ። የገዛሁት በ1,130 ነበር። ጥቅምት 6 ደንበኛዋ 1,190 ብሯን ቆጥራ ሰጠችኝ፣ አመሰገነችኝም። በዚያው ቀን ጅምላ ቤት ያው ዘይት 1,265 ገብቷል። በደብተር 60 ብር አትርፌያለሁ። በተግባር ያንኑ ጀሪካን መልሼ ለመግዛት 75 ብር ከኪሴ መጨመር አለብኝ። ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኝ አንድ ጀሪካን ልተካ አልቻልኩም። ካፒታሌ ያለቀው በካጆች ብቻ አይደለም። በወቅቱ ባልከፈሉ ሐቀኞችም ነው።

ጥቅምት 14

ካርቶን ላይ «ዱቤ የለም» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። ማርከር 35 ብር።

ጥቅምት 26

አወረድኩት። 12 ቀን ነው የቆየው።

በ12 ቀን ከድሮው ዕዳ የተሰበሰበው 2,100 ብር ብቻ ነው። የቀን ሽያጬ በአማካይ ከ7,800 ወደ 6,900 ወረደ። መጀመሪያ የመሰለኝ በዱቤ የሚወስዱት ስለቀሩ ነው። በእርግጥ የቀሩት እነሱ ናቸው። ግን እነዚያ ሰዎች በዱቤ ብቻ አልነበረም የሚገዙት። ጠዋት ዳቦና እንቁላል በእጅ በእጅ ይገዛሉ፣ ማታ ፓስታውን ጻፊብኝ ይላሉ። ዱቤው ሲዘጋ ዳቦውም አብሮ ሄደ።

ሌላም ነገር አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ድሮም «አሁን ብሄድ ትጠይቀኛለች» ብሎ ያስባል፣ ጽሑፉ ደግሞ አባሰበት። ይሄንን የነገሩኝ ብሎክ 9 የሚኖሩ እናት ናቸው። መንገድ ላይ አግኝቻቸው «እማማ፣ ጠፉብኝ» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ብርሽን ይዤ ምን ፊት ይዤ ልምጣ?» አሉኝ። ያለባቸው 640 ብር ነው። ለ640 ብር ብለው ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ ከሩቅ ሱቅ ሲገዙ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ የሳቸውን ዳቦ፣ ሻይ ቅጠልና ክብሪት ሽያጭ አጥቻለሁ።

«እማማ፣ ብሩ ሲገኝ ይመጣል። እርስዎ ግን ዳቦዎን ከኔ ይግዙ፣ ስለ ዕዳው ሱቅ ውስጥ አላነሳብዎትም» አልኳቸው። በማግስቱ መጡ። በአምስተኛው ቀን 200 ብር አስቀመጡ።

ከዚህ የያዝኩት ነገር፦ የቆየውን ዕዳና የዛሬውን ግዢ መለየት አለብኝ። ሰው ወደ ሱቁ ካልገባ ገንዘቡም አይገባም።

ኅዳር 3

ሁሉም «ደመወዝ ሲወጣ» ይላል። እኔም ደመወዝ ማለት የወሩ መጨረሻ ነው ብዬ ሁሉንም በ30 እጠብቅ ነበር። ስህተቱ እዚህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚከፈለው በኛ ወር ማብቂያ አካባቢ ነው። የግል ድርጅት የሚሠራው በፈረንጅ ወር ማብቂያ ነው የሚያገኘው። ያ በኛ አቆጣጠር 21 ወይም 22 አካባቢ ይውላል። ግንባታ ላይ ያሉት ልጆች በየ15 ቀኑ ነው። የጡረታው የራሱ ቀን አለው። ገበያ የሚሸጡት ደግሞ ደመወዝ የላቸውም። ለእነሱ የሚሻለው ቅዳሜ ማታ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛውን በ30 ስጠይቀው ብሩን ከጨረሰ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የሚሰጠኝ ምክንያት እንጂ ብር አይደለም።

ዘንድሮ አዲስ አምድ ጨመርኩ። ከስም ቀጥሎ «ብር የሚገባበት ቀን»። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ «ወንድሜ፣ ብር እጅህ የሚገባው በወሩ ስንት ነው? በዚያ ቀን እንድንተሳሰብ ነው»። ማንም አልተቀየመም። ሁለት ሰዎች እንዲያውም «በ22 ማታ ደውይልኝ፣ በ23 ከጠየቅሽኝ አታገኚኝም» አሉ። የቤት ኪራይ ቀድሞ ይወስደዋል።

ኅዳር 10

ሁለት ደብተር ጀመርኩ። አንዱ የኔ ትልቁ ነው፣ ባለ 200 ገጽ፣ 120 ብር። ሌላው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚሰጥ ትንሽ ደብተር ነው። 25 ደብተር በ20 ብር፣ 500 ብር ወጣ። ደንበኛው ትንሿን ደብተር ይዞ ይመጣል። ዕቃውን፣ ዋጋውንና ድምሩን ሁለቱም ላይ እጽፋለሁ። የኔው ላይ ይፈርማል። ደብተሯ ካልመጣች ዱቤ የለም።

ሥራ ይበዛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው ላይ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ማታ ጥድፊያ ሲሆን ግን ያስቸግራል። ከ12 እስከ 2 ሰዓት እህቴ ሂሳብ ትይዛለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ደብተሯ ያመጣችው ጥሩ ነገር ሰው ዕዳውን ራሱ ማየቱ ነው። ከዚህ በፊት «ስንት ደረሰብኝ?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። አሁን አንዷ ደንበኛ ድምሩ 900 ሲደርስ አይታ «በቃ፣ ከዚህ በላይ አትጻፊብኝ» አለችኝ። እኔ ልል አፍሬ የነበረውን ራሷ አለችው።

ገንዘብ የማበደሩ ነገርም ዛሬ ቆመ። አንዳንድ ሰው ዕቃ ሳይሆን ጥሬ ብር ይጠይቃል፣ «ለታክሲ 200 ስጪኝና ከዱቤው ጋር ጻፊው»። ከእነዚህ አንዱ 1,500 ደርሶ ክርክር ተነሳ። ሕግ የተማረ አንድ ደንበኛ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርን ለማስረዳት ጽሑፍ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ጽሑፍ ከሌለ የሚቀረው ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑ ወይም መሐላ ነው። እኔ በ1,500 ብር ማንንም ፍርድ ቤት አላቆምም። ግን ፊርማ የሌለው ብድር ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው በኋላ 1,000 ከፈለና 500ውን «አልወሰድኩም» አለ። ተውኩት። ጥሬ ብር ከእንግዲህ የለም።

ኅዳር 19

ጾም ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ያወጣሁትን አንድ ደንብ ዛሬ አስተካከልኩ።

ከዘይቱ ሂሳብ በኋላ «ዘይት፣ ስኳርና የስልክ ካርድ በዱቤ የለም» ብዬ ነበር። ሦስቱም ላይ የሚቀረኝ ትንሽ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ዋጋቸው ይሮጣል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በጾም ግን ሰው ያለ ዘይት ምን ይሠራል? ሽሮው፣ ምስሩ፣ አትክልቱ ሁሉ በዘይት ነው። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ደንበኞች ሽሮና ሽንኩርቱንም ትተው ሄዱ፣ ዘይቱን የሰጣቸው ጋ ሁሉንም ገዙ።

አሁን እንዲህ ነው። ባለ 5 ሊትር በዱቤ የለም። አንድ ሊትርና ግማሽ ሊትር አለ፣ ከ15 ቀን ላልበለጠ። ስኳር እስከ አንድ ኪሎ። ካርድና ሲጋራ ጭራሽ የለም። ትንሹ መጠን ቶሎ ስለሚከፈል የዋጋው ሩጫ አይደርስበትም።

በመሃል በዱቤ ለሚወስዱ ዋጋ ትንሽ ከፍ ላድርግ ብዬ ሞክሬ ነበር። ፓስታ ላይ 3 ብር ጨመርኩ። ሳልነግራቸው። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታሞች ደብተራቸውን አስተያዩና ተያዝኩ። ብሩን መለስኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ዋጋ ለሁሉም አንድ ነው። ዱቤው የሚያስከፍለኝን በቀን ማሳጠር እንጂ በዋጋ ማካካስ አልፈልግም።

ኅዳር 27

ጣራው። ለአዲስ ሰው 500 ብር። ሦስት ጊዜ በቀኑ ከከፈለ 1,000። ከፍተኛው 2,000። የአዲሱ ዱቤ ሁሉ ድምር ከ15,000 ብር እንዳይበልጥ።

15,000 ያልኩት ከሳምንት መተኪያዬ ግማሽ እንዳያልፍ ብዬ ነው። በዚያ ልክ ከሆነ አንድ ሳምንት ማንም ባይከፍል እንኳ ጅምላ ቤት ሄጄ ግማሽ ዕቃ ማንሳት እችላለሁ። ትልቁ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ድምሩን በየማታው እጽፋለሁ። 15,000 ሲደርስ አዲስ ዱቤ ይቆማል፣ ማንም ቢሆን። ይሄ እምቢ ማለትንም አቀለለልኝ። «አንተን አላምንህም» ማለት አይደለም። «የዚህ ሳምንት ሞልቷል፣ ሰኞ ይከፈታል» ነው የምለው፣ እውነትም ነው።

የማላውቀው ሰው ሲጠይቀኝ የምለውንም ወሰንኩ። «ይቅርታ የኔ ወንድም፣ ዱቤ የምሰጠው ሦስት ወር ከኔ ለገዛ ሰው ነው። እስከዚያ በእጅ በእጅ እንሥራ»። ድምፄን አልቀይርም፣ ፊቴን አላዞርም። ረጅም ምክንያት አልደረድርም። ምክንያት ባበዛሁ ቁጥር ሰው ይከራከራል። ለሕፃን ዳቦ ወይም ወተት አጥታ የመጣች እናት ከሆነች አልጽፍባትም፣ እሰጣታለሁ። ያ ዱቤ አይደለም፣ ደብተሩም ላይ አይገባም።

ወረቀቱን በእጄ ጻፍኩ፣ ከሚዛኑ በላይ ለጠፍኩት፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ዱቤ የምንሰጠው ለቋሚ ደንበኛ በደብተር ብቻ ነው። የምንተሳሰበው ብር በሚገባልዎት ቀን ነው። የባለፈው ሳይዘጋ አዲስ አንጽፍም፣ በእጅ መግዛት ግን ሁልጊዜ ይቻላል። ስለተረዱን እናመሰግናለን።»

«በእጅ መግዛት ግን ሁልጊዜ ይቻላል» የሚለው ያ የጥቅምቱ ካርቶን ያበላሸውን ለመጠገን ነው።

ታኅሣሥ 2

የኅዳር 21 እና የኅዳር 30 ደመወዞች አልፈዋል። አዲሱን ዘዴ የሞከርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ከቀኑ በፊት በነበረው ማታ አጭር መልእክት ላክሁ። «ሰላም እህቴ፣ እንደምን አመሸሽ። ነገ የመተሳሰቢያ ቀናችን ነው፣ ድምሩ 780 ብር ነው። በቴሌብርም ይቻላል። አመሰግናለሁ።» ለትልልቅ ሰዎች በ«እርስዎ» ጽፌ፣ ማንበብ ለማይመቻቸው ደወልኩ። መልእክቱ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ አለ፦ ቀን፣ ድምር፣ መክፈያ መንገድ። መጀመሪያ «ብር ስላጠረኝ ነው» የሚል ጨምሬበት ነበር። አንዱ «እኔም አጥሮኛል» ብሎ መለሰ። ትክክል ነው። የማጠሩ ውድድር ውስጥ መግባት የለብኝም። አወጣሁት።

ቀኑ ካለፈ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ እደውላለሁ። የምጠይቀው «ለምን አልከፈልክም?» ሳይሆን «ምን ያህሉን መቼ ማድረግ ትችላለህ?» ነው። መልሱን እዚያው ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። «ሐሙስ 300» ካለ ሐሙስ 300 ነው የማስታውሰው፣ ጠቅላላውን አይደለም።

ከ26 ሰዎች 19ኙ ሙሉ ከፈሉ። አራቱ በከፊል። ሦስቱ ስልክ አላነሱም።

ቴሌብር ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። አንድ ልጅ «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን አሳየኝና ዕቃውን ወስዶ ሄደ። ማታ ሳየው የሱ ዝውውር አልተሳካም ነበር። ልጁ አላወቀም፣ በማግስቱ መልሶ ላከ። ግን ከአሁን በኋላ በኔ ስልክ ከ127 መልእክት ሳይደርስ «ተከፍሏል» ብዬ አልጽፍም። የደረሰኝ መልእክት ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ስለሚይዝ የደብተሩ ምስክር ሆኖልኛል።

ታኅሣሥ 6

ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ሳላለሰልስ ልጻፈው።

ስልክ ካላነሱት ሦስቱ አንዷ 1,340 ብር አለባት። የእህቴን ልጅ ቤቷ ላክሁት። 16 ዓመቱ ነው። አንኳኩቶ በሩ ላይ ቆሞ «የሱቁን ብር ስጪ ተብለሻል» አለ። ቤቷ ውስጥ የባሏ ወንድምና ሚስቱ ቡና እየጠጡ ነበር። በዚያው ማታ ብሩን አመጣች። ቆጥራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ለኔ መደወል አቅቶሽ ነው?» አለችኝ። ደውዬ ነበር፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነበር። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ተቀበለችኝ። ሱቄ ግን አልመጣችም።

ገንዘቤን አግኝቻለሁ፣ በወር ወደ 2,500 ብር የምትገዛ ደንበኛ ግን አጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቤት ሰው አይላክም። ልጅ በፍጹም። ሌላ ደንበኛ ባለበት ስለ ዕዳ አይነሳም። የግድ በአካል መናገር ካለብኝ ሱቅ ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ጭር ይላል።

ታኅሣሥ 14

የአንዱን ሙሉ ታሪክ ልጽፍ። ከሦስት ወር ካለፉት ዘጠኙ አንዱ ነው፣ 4,870 ብር። ባልየው የሕንፃ ጥበቃ ነበር። ክረምት ላይ ሥራው ቆመ፣ ሁለት ወር ቤት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የተጠራቀመው። አሁን ሌላ ቦታ ገብቷል። ሚስትየው እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ሊክዱኝ አላሰቡም። ግን 4,870 ብር ለነሱ በአንድ ደመወዝ የሚወጣ አይደለም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ በየቅዳሜው 150 ብር ተስማማን። ሦስት ቅዳሜ ከፈለች፣ 450። በአራተኛው ልጅ ታመመባት፣ ቀረ። በአምስተኛው አፍራ አልመጣችም። የጥቅምቱ ታሪክ ሊደገም እንደሆነ አየሁ። 4,420 ቀርቷል።

ሰኞ ዕለት ጠራኋትና ሌላ ነገር አቀረብኩላት። እኔ ሱቅ እንጀራ አልሸጥም ነበር፣ ሰው ግን ማታ ማታ ይጠይቀኛል። በየቀኑ እንጀራ ታምጣ። እኔ በ18 ብር እረከባለሁ፣ በ20 እሸጣለሁ። ከየቀኑ ሂሳብ 40 ብር ለድሮው ዕዳ ይቀራል፣ ሌላው በእጇ ይሰጣታል። በ15 እንጀራ ጀመርን። ሁለት ቀን አራት አምስት እየተረፈ ደረቀብኝ። ወደ 12 ዝቅ አደረግነው። 12 በ18፣ 216 ብር። 40 ተቀንሶ 176 ይዛ ትሄዳለች። በሳምንት ስድስት ቀን ስለሆነ 240 ብር ከዕዳው ይወርዳል። በ18 ወይም 19 ሳምንት ያልቃል። ረጅም ነው፣ ግን ባለፉት ሦስት ወራት ከ450 ብር በላይ አልወረደም ነበር። እሷም እያንዳንዱን ቀን ብር ይዛ ነው የምትወጣው። ከ40 በላይ እንቀንስ ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ለጤፍ መግዣ ካጣች እንጀራውም ይቆማል።

ታኅሣሥ 21

ገና ስምንት ቀን ቀረው። ጻፊብኝ የሚለው ሰው በዝቷል። ድምሩ ሰኞ 15,000 ሞላ፣ ዘጋሁ። ማክሰኞ አራት ሰው መለስኩ። አንዱ ተቆጣ። ሌሎቹ ወረቀቱን አንብበው «እሺ፣ ግማሹን በእጅ ልውሰድ» አሉ።

ለበዓል አዲስ ነገር ሞከርኩ። ከአሁን ጀምሮ ለፋሲካ ቀድሞ ማስቀመጥ። በየሳምንቱ 100 ወይም 200 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በበዓሉ ሳምንት ዘይትና ሌላ ዕቃውን በብሩ ልክ ይወስዳል። ያው ትንሿ ደብተር ከኋላ በኩል ይጻፍበታል። ሰባት ሰው ተመዘገበ። ብሩን ለሱቅ አላዞረውም፣ ለብቻ ነው ያለው። የሰው አደራ በዕቃ ከተበላ በበዓሉ ሳምንት ባዶ እጄን እገኛለሁ።

ጥር 11

የሕፃናት ጉዳይ። ብሎክ 6 ያለች አንዲት እናት ደብተሯን አይታ 340 ብር አልተቀበለችም። ሁሉም ብስኩት፣ ከረሜላና ቺፕስ ነው። ልጇ የስምንት ዓመት ነው፣ ደብተሯን ይዞ እየመጣ «እማዬ ጻፊብን ብላለች» ይል ነበር። እህቴ ጻፈች። ግማሹን እኔ ቻልኩ፣ ግማሹን እሷ። አሁን እያንዳንዱ ደብተር ሽፋን ላይ ማን መውሰድ እንደሚችል ይጻፋል። ልጅ ከሆነ ምን ምን ዕቃ ብቻ እንደሆነ ጭምር። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መስማማታቸውን እጠይቃለሁ።

የካቲት 5

ቆጠራ። ጠቅላላ 21,650 ብር። አንድ ወር ያልሞላው 9,800። ከአንድ እስከ ሦስት ወር 3,450። ከሦስት ወር ያለፈው 8,400። በዚህ በመጨረሻው ውስጥ የእንጀራዋ ቤት 2,740 አለ።

የሚቀረው አብዛኛው የማይመለስ ነው። ረጅሙና ቀይ ሹራብ፣ 1,290። ከብሎክ 11 በመስከረም ቤት ለቅቆ የሄደ ተከራይ 3,850። ስልኩ አይሠራም። አከራዩን ጠየቅኩ፣ የት እንደሄደ አያውቅም። 5,140 ብሩን ከደብተሩ አውጥቼ በኪሳራ ጻፍኩት። ሲያናድደኝ የከረመ ቁጥር ነበር። ድምሩ ውስጥ ሳስቀምጠው ያለኝ የሚመስለኝ ብር ነው፣ የሌለኝ። ተከራይ ከሆነ ከእንግዲህ ጣራው 500 ላይ ይቆማል፣ ስንት ጊዜ በቀኑ ቢከፍልም።

መጋቢት 24

ስልክ ከማያነሱት አንዱ ዛሬ 520 ብር በቴሌብር ላከ። ምንም አልጻፈም። እኔም «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቁ ክፍት ነው» ብዬ መለስኩ። ማታ መጥቶ ዳቦ ገዛ።

ሚያዝያ 18

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ቆጠራ። ከሰባቱ ቀድሞ አስቀማጮች ስድስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ፣ በሕማማት ሳምንት ዕቃቸውን ወሰዱ። አንዷ መሃል ላይ ብሯን ፈለገች፣ መለስኩላት። ስድስቱም ለበዓሉ ዱቤ አልጠየቁም።

ዛሬ 22 ደብተር አለ። ጠቅላላ 13,440 ብር። አንድ ወር ያልሞላው 11,200፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር 1,900፣ ከዚያ ያለፈው የእንጀራዋ 340 ብቻ። እሷ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ትዘጋለች። ስትዘጋ 12ቱ እንጀራ እንዲቀጥል ተስማምተናል፣ 216ቱን ሙሉ ይዛ ትሄዳለች።

ያች በታኅሣሥ ያስቀየምኳት ደንበኛ አልተመለሰችም። መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን።

የቀን ሽያጩ በአማካይ 8,300 ነው፣ ግን ዋጋም ጨምሯል፣ ስለዚህ ከጥቅምቱ ጋር በቀጥታ አላወዳድረውም። የማወዳድረው አንድ ነገር ነው፦ ሰኞ ሰኞ ጅምላ ቤት ስገባ ስኳሩን በሙሉ ብር አነሳለሁ።

ሚያዝያ 22 የግል ድርጅት ሠራተኞች ቀን ነው። አራት ሰው አለ፣ 3,060 ብር። መልእክቱን 21 ማታ እልካለሁ።